ክንድ ሲሰበሰብ ዙር ለምን ይፈጥናል? ስለ ተሽከርካሪ መድረክ ሙከራ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በደሴና በኮምቦልቻ ይህን ሙከራ በክፍል ወይም በግቢ ውስጥ ለሚሠሩ መምህራንና ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። ሙከራው ቀላል ነው። አንድ ሰው በነፃ በሚሽከረከር መድረክ ላይ ቆሞ በእያንዳንዱ እጁ ውሃ የሞላ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ይይዛል። ክንዶቹን ወደ ጎን ዘርግቶ ሳለ ሌላ ሰው በዝግታ ያዞረዋል። ከዚያ ክንዶቹን ወደ ደረቱ ይሰበስባል፤ ዙሩም ወዲያው ይፈጥናል። ጥያቄው ምን ያህል ይፈጥናል የሚለው ነው። ከታች ያሉት ቁጥሮች ሁሉ የአንድ ምሳሌ ናቸው፦ 60 ኪሎ የሚመዝን፣ 1 ሜትር ከ70 የሚረዝም ሰው።

ክንድ መሰብሰብ ብቻውን ሰውን እንዴት ያፈጥናል? ማንም አልገፋውም እኮ!

ነገሩ የሚሆነው ማንም ስላልገፋው ነው። የሚሽከረከር ነገር አንጉላር ሞመንተም የሚለወጠው ከውጭ የሚያዞር ወይም የሚያቆም ቶርክ ሲመጣበት ብቻ ነው። ሰውየው ጠርሙሶቹን ሲስብ የሚጠቀምበት ኃይል የራሱ ነው፤ ከውጭ የመጣ ቶርክ ግን የለም። ስለዚህ አንጉላር ሞመንተሙ ባለበት ይቆያል።

አንጉላር ሞመንተም የሁለት ነገሮች ብዜት ነው፤ የሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ (I) እና የዙር ፍጥነት (ω)። I አንድ ክብደት ከዘንጉ ምን ያህል እንደራቀ በርቀቱ ስኩዌር ይቆጥራል። ከዘንጉ 80 ሳንቲ ሜትር ላይ የነበረ ጠርሙስ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ሲመጣ ርቀቱ አራት እጥፍ ያንሳል፣ ለ I የሚያዋጣው ግን አሥራ ስድስት እጥፍ ይቀንሳል። ብዜቱ እንዳይለወጥ ω መጨመር አለበት።

ቀመሩ ያላረካው ተማሪ እጁ ላይ የሚሰማውን ያስተውል። መድረኩ በደቂቃ 15 ዙር ሲዞር፣ 80 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለው ጠርሙስ በሰከንድ 1.26 ሜትር ወደ ጎን እየሄደ ነው። በዚያው ዙር 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ላለ ጠርሙስ ግን 0.31 ሜትር በሰከንድ ይበቃዋል። ስለዚህ ጠርሙሱ ወደ ውስጥ ሲገባ ከደረት ይልቅ እየፈጠነ ይመጣል፤ እጅን ወደ ዙሩ አቅጣጫ ይጎትታል፣ እጅ ትከሻን፣ ትከሻም መላ ሰውነትን ይዞ ይሄዳል። በመድረኩ ላይ የቆመው ሰው ጠርሙሶቹ ሁለቱም ወደ አንድ የዙር አቅጣጫ «ሲያመልጡት» በግልጽ ይሰማዋል። ሰውነቱን የሚያፈጥነው ይህ ጉተታ ነው።

አዲሱን የዙር ፍጥነት እንዴት እናሰላለን?

መነሻው አንድ መስመር ነው፦

I₁ω₁ = I₂ω₂

ሥራው ያለው I₁ እና I₂ን በማግኘት ላይ ነው። ሰውየውን በአራት ክፍል እንየው፦ ግንዱ (ጭንቅላት፣ ሆድና ደረት፣ እግሮች)፣ መድረኩ፣ ክንዶቹ፣ ጠርሙሶቹ።

ግንዱ ክንድ ቢሰበሰብም ባይሰበሰብም አይለወጥም። ለዚህ ቁመትና ክብደት፣ ቀጥ ብሎ ለቆመ ሰው 0.8 ኪግ·ሜ² ተስማሚ ግምት ነው። መድረኩ 8 ኪሎ የሚመዝን፣ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ነው፤ ½MR² ሲሰላ ½ × 8 × 0.25² = 0.25 ይሆናል። እሱም አይለወጥም።

እያንዳንዱ ክንድ ከሰውነት ክብደት 5 በመቶ ገደማ ነው፤ ለዚህ ሰው 3 ኪሎ። ሲዘረጋ ከትከሻ (ከዘንጉ 18 ሳንቲ ሜትር) እስከ ጭብጥ (80 ሳንቲ ሜትር) ይደርሳል። ክንድን እኩል ውፍረት እንዳለው ዘንግ ብንወስደው m(a² + ab + b²)/3 = 3 × (0.18² + 0.18 × 0.80 + 0.80²)/3 = 0.82 ይሰጣል። ነገር ግን ክንድ ወደ ትከሻው የሚወፍር፣ ወደ እጅ የሚቀጥን ስለሆነ እውነተኛው ትንሽ ያንሳል፤ 0.7 እንያዝ፣ ለሁለቱ 1.4። ጠርሙሶቹ ሁለት ኪሎ ሁለት ኪሎ ናቸው፤ 2 × 2 × 0.80² = 2.56።

ስለዚህ ክንድ ተዘርግቶ፦

I₁ = 0.8 + 0.25 + 1.4 + 2.56 = 5.01

ክንዶቹ ሲሰበሰቡ ጠርሙሶቹ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሆናሉ፤ 4 × 0.20² = 0.16። የታጠፉት ክንዶች ክርናቸው ትንሽ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ለሁለቱ 0.3 እንይዛለን፦

I₂ = 0.8 + 0.25 + 0.3 + 0.16 = 1.51

ዙሩ በ5.01/1.51 = 3.32 እጥፍ ያድጋል። መጀመሪያ በደቂቃ 15 ዙር ከነበረ፣ አሁን 15 × 3.32 ≈ 50 ዙር ይሆናል። አንድ ዙር ለመጨረስ 4 ሰከንድ ይፈጅ የነበረው 1.2 ሰከንድ ብቻ ይፈጃል ማለት ነው።

ወደ ራዲያን መለወጥ ግዴታ ነው?

ለዚህ ስሌት አይደለም። በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት መለኪያ እስከተጠቀሙ ድረስ በደቂቃ የዙር ብዛት ይበቃል። ቶርክ ወይም ኢነርጂ ሲሰላ ግን ግዴታ ነው፤ በደቂቃ 15 ዙር ማለት 1.57 ራዲያን በሰከንድ ነው። ከላይ ላለው ምሳሌ አንጉላር ሞመንተሙ 5.01 × 1.57 = 7.87 ኪግ·ሜ²/ሰ ይሆናል። ይህን ቁጥር ወደታች ደግመን ስለምንጠቀምበት ያዙት።

መድረኩን በምን እንሥራው?

ዋናው ክፍል ኩሽኔታው ነው። የሚሽከረከር የቢሮ ወንበር አለን የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ለማሳየት ይሆናል፣ ለመለካት ግን አንመክረውም። የወንበሩ ፍሪክሽን ትልቅ ነው፣ በዚያ ላይ የተቀመጠ ሰው ጭኑ ወደፊት ስለሚወጣ የግንዱን ኢነርሺያ ለመገመት ይከብዳል።

የተሻለው የአሮጌ መኪና የፊት ጎማ የሚታሰርበትን ክፍል ከነኩሽኔታው መጠቀም ነው። ከጋራዥ ወይም አሮጌ መለዋወጫ ከሚሸጥበት ይገኛል። የመኪና ክብደት እንዲችል የተሠራ ስለሆነ 60 ኪሎ ሰው ምንም አይለውም። ይህን ክፍል አፉ ወደ ላይ ሆኖ ከአንግል ብረት በተሠራ የመስቀል ቅርጽ እግር ላይ ማስበየድ ነው፤ የእግሩ ስፋት ከ60 ሳንቲ ሜትር ማነስ የለበትም፣ አለዚያ ሰው ጫፉን ሲረግጥ ይገለበጣል። ከላይ የ4 ሚሊ ሜትር ላሜራ በ50 ሳንቲ ሜትር ክብ ተቆርጦ በጎማው ብሎኖች ይታሰራል፣ በላዩ ላይ የ18 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ። ላሜራው 6 ኪሎ፣ እንጨቱ 2 ኪሎ ገደማ ይመጣል፤ የ8 ኪሎው ስሌት ከዚህ የተገኘ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ቶርኖ ቤት ካገኙ የላሜራው መሃል ከኩሽኔታው መሃል ጋር በትክክል እንዲገጥም እዚያ ያስበሱት። በእጅ የተበሳ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ስቶ መድረኩን ያንገዳግደዋል።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነገር ግሪሱ ነው። ኩሽኔታው ሲመጣ ለመኪና ተብሎ በወፍራም ግሪስ ታጭቋል፤ እንዲህ ሆኖ መድረኩ ሁለት ሦስት ዙር ዞሮ ይቆማል። ግሪሱን በነጭ ጋዝ አጥበው፣ አድርቀው፣ ጥቂት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ያድርጉበት። የጎን ማሸጊያ ጎማ ካለው አውጡት፣ እሱም ይጎትታል። በጋዝ ሲታጠብ በአጠገቡ እሳት እንዳይኖር።

ወለሉ ትንሽ ዘንበል ቢል ችግር አለው?

አለው፤ ደሴ ላይ ደግሞ ፍጹም ልክ የሆነ ግቢ ማግኘት ቀላል አይደለም። ዘንጉ ዘንበል ሲል የሰውየው ክብደት መሃሉን ትንሽ ከሳተ በአንድ በኩል እየወረደ ይፈጥናል፣ በሌላው እየወጣ ይዘገያል። መለየቱ ቀላል ነው፦ ሰውየው በላዩ ቆሞ መድረኩን ደጋግመው በዝግታ ያዙሩትና የት እንደሚቆም ይዩ። ሁልጊዜ ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ አድርጎ የሚቆም ከሆነ፣ ለምሳሌ ሁሌም ጦሳን እያየ፣ ወለሉ ዘንበል ብሏል። ውሃ ልክ በመድረኩ ላይ በሁለት አቅጣጫ አስቀምጠው ከእግሮቹ ሥር ቀጭን ላሜራ ወይም ካርቶን እየጨመሩ ያስተካክሉት። የሚቆምበት ቦታ በየጊዜው የተለያየ ሲሆን ጨርሰዋል።

ሙከራውን ደረጃ በደረጃ እንዴት እንሥራው?

ጠርሙሶቹን እስከ አፋቸው ይሙሉ። ግማሽ የሆነ ጠርሙስ ውስጥ ውሃው እየዋለለ ስሌቱን ያበላሻል። መድረኩ ጠርዝ ላይ አንድ ነጭ ፕላስተር፣ ወለሉ ላይ ደግሞ በትይዩ አንድ የጠመኔ መስመር ያድርጉ። አንድ ሰው ስልኩን አቅንቶ ቪዲዮ ይቅረጽ፤ በሰዓት ቆጣሪ እጅ በመጫን ከሚገኘው ይልቅ ቪዲዮ ይሻላል፣ ምክንያቱም 1.2 ሰከንድ በሚፈጅ ዙር ላይ የእጅ መዘግየት ትልቅ ስህተት ነው። በሰከንድ 30 ምስል በሚቀርጽ ስልክ አንድ ዙር 36 ምስል ይሆናል።

ሰውየው መሃል ላይ እግሮቹን ጠጋ አድርጎ ይቆማል፣ ክንዶቹን በትከሻው ከፍታ ይዘረጋል። አንድ ጓደኛ ወገቡን ይዞ በዝግታ ያዞረውና ይለቀዋል፤ የሰውየውን እጅ ወይም ጠርሙስ እየገፋ ማዞር የለበትም፣ ያዘነብለዋልና። ከለቀቀ በኋላ አንድ ሙሉ ዙር ይለካል። ከዚያ «ሰብስብ!» ሲባል ሰውየው በአንድ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ሁለቱንም እጆች እኩል ወደ ደረቱ ያመጣል፤ አንዱ ቀድሞ ከገባ ሚዛኑ ይዛባል። ተሰብስቦ ሳለ ሦስት ዙር ይለካል። በመጨረሻ መጀመሪያ ክንዶቹን ይዘርጋ፣ ዙሩ ሲቀንስ ጓደኛው ይያዘው፣ ሙሉ በሙሉ ሲቆም ይውረድ። በመዞር ላይ ሳለ አይወረድም። ከወረደ በኋላ አንድ ደቂቃ ያህል የሚደግፈው ሰው ይፈልጋል፣ ዓለም ለጊዜው እየዞረችበት ነው። የሚጥል በሽታ ወይም የጆሮ ሚዛን ችግር ያለበት ሰው መውጣት የለበትም።

ከ15 ዙር በላይ አይጀምሩ። በ30 ከጀመሩ መጨረሻው 100 ይደርሳል፣ እያንዳንዱን ጠርሙስ ደረት ላይ ለመያዝ የሚያስፈልገው ኃይልም አራት እጥፍ ይሆናል።

ስልኩ ራሱ ዙርን መለካት ይችላል። phyphox የተባለውን መተግበሪያ ከፍተው ስልኩን በመድረኩ እንጨት ላይ በፕላስተር ካሰሩት፣ ጋይሮስኮፑ የዙር ፍጥነቱን በራዲያን በሰከንድ ይሰጣል። ክንዱ ተዘርግቶ 1.57 ገደማ፣ ተሰብስቦ 5 አካባቢ ማየት አለብዎት።

ስሌቱ 50 ዙር አለ፣ የለካነው 45 ነው። ምን አጠፋን?

ምናልባት ምንም አላጠፋችሁም። ብዙ ጊዜ የሚመጣ ጥያቄ ስለሆነ በቁጥር እንየው።

ፍሪክሽኑን ለብቻው መለካት ይቻላል። ሰውየው ክንዱን እንደዘረጋ ሳይሰበስብ ይዙርና በ10 ሰከንድ ውስጥ ምን ያህል እንደዘገየ ይመልከቱ። ከ15 ወደ 12 ዙር ወረደ እንበል። ይህ የ0.314 ራዲያን በሰከንድ መቀነስ ነው፤ በየሰከንዱ 0.0314። ቶርኩ 5.01 × 0.0314 ≈ 0.157 ኒውተን ሜትር ነው። በሌላ አነጋገር መድረኩ በየሰከንዱ ከአንጉላር ሞመንተሙ 0.157 ይበላል።

አሁን የሙከራውን ሰዓት እንቁጠር። የመጀመሪያው ልኬት የተወሰደው በአንድ ዙር፣ በ4 ሰከንድ ውስጥ ነው፤ ያገኘነው 15 የዚያ ጊዜ አማካይ፣ ማለትም የመሃሉ ፍጥነት ነው። ከመሃሉ እስከ ልኬቱ መጨረሻ 2 ሰከንድ፣ ለመሰብሰብ 1 ሰከንድ፣ ሦስቱ የኋላ ዙሮች 4 ሰከንድ ስለሚፈጁ እስከ መሃላቸው 2 ሰከንድ። በሁለቱ መሃሎች መካከል 5 ሰከንድ አለፈ። በ5 ሰከንድ 0.785 ጠፋ፤ ከ7.87 የቀረው 7.085 ነው። በ1.51 ሲካፈል 4.69 ራዲያን በሰከንድ፣ ማለትም በደቂቃ 45 ዙር ይሆናል። ይኸው ልኬቱ።

መፍትሔው ኩሽኔታውን ማጠብ፣ ቶሎ መሰብሰብ፣ ከሦስት ይልቅ አንድ ዙር መለካት ወይም ጋይሮስኮፕ መጠቀም ነው። ጋይሮስኮፑ ልክ ከመሰብሰቡ በፊትና ልክ ከተሰበሰበ በኋላ ያለውን ስለሚያሳይ የጠፋው የአንድ ሰከንዱ ብቻ ይሆናል፤ ከ50 ወደ 49 ቢወርድ ነው።

የእኛ ስሌትም 45 አለ፣ ልኬታችንም 45። ስለዚህ ፍሪክሽን የለብንም ማለት ነው?

ስሌታችሁን አሳዩን እንላለን። አብዛኛውን ጊዜ ክንዶቹ ተረስተው ነው የምናገኘው። ሰውነቱንና ጠርሙሶቹን ብቻ የቆጠረ ተማሪ I₁ = 0.8 + 0.25 + 2.56 = 3.61፣ I₂ = 0.8 + 0.25 + 0.16 = 1.21 ያገኛል። ሬሾው 2.98 ነው፣ 15 ሲባዛ 45! ሁለት ስህተቶች ተደጋግፈው ትክክል የሚመስል መልስ ሰጡ፦ አንዱ ክንዱን ረሳ፣ ሌላው ፍሪክሽኑን።

ይህን የሚያጋልጠው ጠርሙሶቹን አስቀምጦ ሙከራውን በባዶ እጅ መድገም ነው። ክንድን ያልቆጠረ ስሌት ባዶ እጅ ሲሰበሰብ ምንም ለውጥ አይኖርም ይላል፣ 1.05 ለ1.05። ትክክለኛው ግን I₁ = 2.45፣ I₂ = 1.35 ነው፤ ዙሩ በ1.81 እጥፍ አድጎ ከ15 ወደ 27 ይወጣል። መድረኩ ላይ የቆመ ማንም ሰው ይህን ልዩነት ያለ ሰዓት ያየዋል። የባዶ እጁን ሙከራ ሁልጊዜ መጀመሪያ እንዲሠሩ የምንመክረው ለዚህ ነው።

አንጉላር ሞመንተም ካልተለወጠ ኢነርጂውም አይለወጥም ማለት አይደለም?

አይደለም። የመሽከርከር ኢነርጂ ½Iω² ነው። ክንድ ተዘርግቶ ½ × 5.01 × 1.57² = 6.2 ጁል ነበር። ተሰብስቦ (ፍሪክሽኑን ትተን) ½ × 1.51 × 5.21² = 20.5 ጁል ይሆናል። የ14 ጁል ጭማሪው ከሰውየው ጡንቻ የመጣ ነው። እያንዳንዱን ጠርሙስ በክብ መንገዱ ላይ ለማቆየት መጀመሪያ 4 ኒውተን ወደ ውስጥ መሳብ ይበቃው ነበር፣ መጨረሻ ላይ ግን 11 ኒውተን ይፈልጋል፤ በዚያ ኃይል 60 ሳንቲ ሜትር ስቧል። ክንዱን መልሶ ሲዘረጋ ኢነርጂው ወደ 6 ጁል ይመለሳል፣ ጡንቻው ግን መልሶ አያገኘውም፣ ወደ ሙቀት ይቀየራል።

ደሴ ላይ የሠራነውና ኮምቦልቻ ላይ የሠሩት ውጤት ይለያያል?

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ሐረጎን ወርደው ሲደርሱ አየሩ ትንሽ ይወፍራል፣ ልዩነቱ ግን ከ10 በመቶ በታች ነው፤ አየሩ በዚህ ፍጥነት የሚጎትተው ራሱ ትንሽ ስለሆነ ልዩነቱን በልኬት አታገኙትም። የስበት ኃይል ደግሞ በቀመሩ ውስጥ የለም። የሚታየው ልዩነት ከሌላ ቦታ ይመጣል፦ ኩሽኔታው ያልታጠበ ከሆነ በደሴ የማለዳ ብርድ ግሪሱ ይጠነክራል፣ ኮምቦልቻ ላይ በቀትር ይላላል። ሁለት ትምህርት ቤቶች ውጤት ካነጻጸሩ የፍሪክሽን ልኬቱን ሁለቱም ይሥሩ።

የግንዱን 0.8 ከየት አመጣችሁት? የራሴን መለካት አልችልም?

0.8 በግምት የተወሰደ ነው፤ የእርስዎ ሊበልጥ ወይም ሊያንስ ይችላል። መለካት ይቻላል፣ ደረጃ ያለው በረንዳ ካለ።

መድረኩን በረንዳው ላይ ከጫፉ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ። ጠንካራ ሲባጎ በመድረኩ ጠርዝ ዙሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠቅልለው፣ በበረንዳው ጫፍ በታሰረ ትንሽ መዘውር ላይ አሳልፈው 1 ኪሎ ክብደት ያንጠልጥሉበት። ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። እርስዎ ጠርሙሶቹን ደረትዎ ላይ ይዘው ይቆማሉ። ክብደቱ ተለቆ 80 ሳንቲ ሜትር እስኪወርድ የፈጀውን ጊዜ ይለኩ።

2.1 ሰከንድ ቢሆን፣ ማፍጠኛው a = 2 × 0.80/2.1² = 0.363 ሜ/ሰ² ነው። ሲባጎው የሚስበው 1 × (9.8 − 0.363) = 9.44 ኒውተን፣ በ0.25 ሜትር ሲባዛ 2.36 ኒውተን ሜትር። ፍሪክሽኑ 0.157 ሲቀነስ 2.20 ይቀራል። የዙሩ ማፍጠኛ 0.363/0.25 = 1.45 ነው፤ ስለዚህ I₂ = 2.20/1.45 ≈ 1.52። ከዚህ መድረኩን፣ ክንዶቹንና ጠርሙሶቹን ቀንሰው የሚቀረው የግንድዎ ነው። በዚህ ሙከራ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ሲባጎው ነው፦ ከመድረኩ ጠርዝ ወደ መዘውሩ ሲሄድ ከወለሉ ጋር እኩል መሄድ አለበት፣ ሽቅብ ወይም ቁልቁል ከሄደ ከጠርዙ ይንሸራተታል።

ጠርሙሶቹን ከመሰብሰብ ይልቅ ብለቃቸው አይሻልም? ክብደቱ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፣ ይበልጥ እፈጥናለሁ።

አይፈጥኑም፤ በደቂቃ 15 ዙርዎ እንዳለ ይቆያል። ጠርሙሶቹ ሲለቀቁ የየራሳቸውን አንጉላር ሞመንተም ይዘው ይሄዳሉ። ሁለቱ በአንድ ላይ 2.56 × 1.57 = 4.02 ይዘዋል፤ ከ7.87 ለእርስዎ 3.85 ይቀራል። የእርስዎ ኢነርሺያ አሁን 2.45 ነው፣ 3.85/2.45 = 1.57። ያው ፍጥነት። የሚያፈጥነው የክብደቱ መጥፋት ሳይሆን ወደ ዘንጉ ተስቦ መምጣቱ ነው፣ የተለቀቀ ጠርሙስ ደግሞ ማንም አልሳበውም።

ከተለቀቀ በኋላ በክብ መንገዱ አይቀጥልም፣ ወደ ጎን ቀጥ ብሎ በ1.26 ሜትር በሰከንድ ይሄዳል። ከ1.4 ሜትር ከፍታ ወርዶ መሬት እስኪነካ 0.53 ሰከንድ ያህል ይፈጃል፣ በዚያ ጊዜ 67 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል፤ የሚያርፈው ከመድረኩ መሃል 1 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ውሃ የሞላ ሁለት ኪሎ ከዚያ ከፍታ እግር ላይ ቢወድቅ ይጎዳል፣ ነጥሮም ይንከባለላል። ስለዚህ ከሚያዞረው ጓደኛ በስተቀር ማንም ከ2 ሜትር በታች አይቅረብ፤ እሱም ገፍቶ እንደለቀቀ ወደ ኋላ ይመለስ። የጠርሙሱ አንገት በላብ እንዳይንሸራተት በጨርቅ ተጠቅልሎ በገመድ ከእጅ አንጓ ጋር ይታሰር።